ካርዱን ዘጋን፤ ሱቁ ግን አልረሳውም

ካርድ ሲነካብን ሁላችንም የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። ባንክ እንደውላለን፣ ካርዱን እናስዘጋለን፣ «ተመስገን፣ በጊዜ ደረስንበት» ብለን አዲሱን እንጠብቃለን። እኛም ባለፈው ዓመት እንዲሁ አደረግን። አዲሱ ካርድ ከመጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሌላ ገንዘብ ወጣ፤ ያውም ከአዲሱ ካርድ። ይህን የምንጽፈው ያን ጊዜ ያልገባንን ነገር ሌላው ነጋዴ ሳይከስር እንዲያውቀው ነው። አቋማችንንም ከመጀመሪያው እንናገር፦ የተነካ ካርድ ባንክ በመደወል ብቻ አይዘጋም። ቁጥሩና አድራሻው ከተቀመጡባቸው ሱቆችና ብራውዘሮች ሁሉ መሰረዝ አለበት፣ ያውም አዲሱ ካርድ እጅ ከመግባቱ በፊት።

እኛ አራት ነን፤ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ አንዲት ሱቅ በጋራ ተከራይተን የሕፃናት ልብስ፣ ጫማና ኮስሞቲክስ እንሸጣለን። ዕቃውን ከቻይና ኦንላይን ሱቆች እናዛለን፣ ጓንዡ ያለው የካርጎ መጋዘን ይቀበልልናል፣ ከዚያ ናይሮቢ ይገባል። ከፊሉም በሞያሌ በኩል ለሚሄዱ ደንበኞች ይሰጣል። ሥራው ሁሉ የሚሠራው በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ጂሜይል ነበር። የምንከፍልበት ካርድ ደግሞ የኛ አልነበረም። ከአራታችን የአንዱ ታላቅ እህት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ የሷን ዴቢት ካርድ እንጠቀማለን፣ በየወሩ መጨረሻ እንተሳሰባለን። እንዲህ የሚሠራ ነጋዴ ብዙ እንደሆነ እናንተም እኛም እናውቃለን።

አንድ ሰኞ ጠዋት ደወለች። ከማታውቀው ሱቅ 1 ዶላር ወጥቷል፣ በማግስቱ 186፣ ከዚያ 243። «እናንተ ናችሁ?» አለች። አይደለንም። ያቺ አንድ ዶላር መፈተሻ ነበረች። የተሰረቀ ቁጥር የያዘ ሰው መጀመሪያ ትንሽ አውጥቶ ካርዱ መሥራቱን ያያል፣ ካለፈለት ትልቁን ይጭናል። በዚያው ቀን ካርዱን አዘጋች። ባንኩ አጣርቶ 430 ዶላሩን መለሰላት፣ አዲስ ቁጥር ያለው ካርድም በ8 ቀን ውስጥ ደረሳት። አዲሱን ቁጥር ላከችልን፤ እኛም በብዛት በምንገዛበት አንድ ሱቅ ላይ ብቻ አስገባነው።

በሦስተኛው ሳምንት 94 ዶላር ወጣ። የወጣው ደግሞ አዲሱን ቁጥር ካላስገባንበት ሌላ ሱቅ ነው። እሷ «ቁጥሩን የሰጠሁት ለናንተ ብቻ ነው» አለች፤ ልክ ነበረች። እኛ ደግሞ «ባንኩ ነው ያሾለከው» አልን፤ እሱ ልክ አልነበረም። ሁለት ቀን ወንድምና እህት በቅጡ አልተነጋገሩም። 94 ዶላር ለሱቃችን ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ የሷን እምነት ካጣን ግን ሥራው ራሱ ይቆማል። የደረሰብንን ቁጭ ብለን እስከ መጨረሻው ያጣራነው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሱቅ ላይ ካርድ ስናስቀምጥ ሱቁ መዝገብ ይይዛል። ካርዱ ሲቀየር ያ መዝገብ ሁልጊዜ አይሞትም። ቪዛም ማስተርካርድም ባንኮች አዲሱን ቁጥርና አዲሱን የማብቂያ ቀን ካርዱን በመዝገብ ለያዙ ሱቆች የሚያስተላልፉበት አገልግሎት አላቸው። የቪዛው ቪዛ አካውንት አፕዴተር ይባላል፣ የማስተርካርዱ ኦቶማቲክ ቢሊንግ አፕዴተር። የተሠሩት ለደንበኛው ምቾት ነው፤ ካርዱ ሲታደስ የወር ክፍያው እንዳይቋረጥበት። ባንኩም ሱቁም በአገልግሎቱ ውስጥ ካሉ እኛ ጣታችንን ሳናነሳ አሮጌው ካርድ ሱቁ ውስጥ አዲስ ሆኖ ይገኛል። በተለይም ሱቁ ቁጥሩን ሳይሆን በቁጥሩ ፋንታ ከካርድ ድርጅቱ የተሰጠውን ምትክ ምልክት ከያዘ፣ ምልክቱ ሳይቀየር ከኋላው ያለው ካርድ ብቻ ሊለወጥ ይችላል።

«ሌባው ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት አሃዞች ከየት አመጣ?» ያለ ጓደኛ አለን። አላስፈለገውም። ሱቆች እነዚያን አሃዞች ከክፍያው በኋላ እንዳያስቀምጡ የካርድ ኢንዱስትሪው ደንብ ይከለክላቸዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሱቆች በተቀመጠ ካርድ ሲገዛ ጭራሽ አይጠይቋቸውም። አካውንታችን ውስጥ የገባ ሰው ካርዱን ማየት የለበትም፤ «ግዛ» የሚለውን መጫን ብቻ ይበቃዋል። የኛውም ሰው ያደረገው ይህንን ነው።

ወደ አካውንቱ የገባበት መንገድ ያው ላፕቶፑ ነበር። ከአራታችን አንዱ የደረሰኝ ማዘጋጃ ፕሮግራም በነፃ ለማግኘት ሲል የተሰበረ ቅጂ አውርዶ ጭኖ ነበር። እንዲህ ባሉ ፋይሎች ውስጥ ተደብቀው የሚገቡ የመረጃ ሌባ ቫይረሶች አሉ። ሬድላይን የሚባለው በሰፊው የታወቀ ነው፤ የኔዘርላንድ ፖሊስ ከኤፍቢአይና ከሌሎች ጋር ሆኖ መረቡን በጥቅምት ወር 2024 መታው። የዚህ ዓይነት ቫይረስ በደቂቃዎች ውስጥ ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ይጠርጋል፦ ፓስወርድ፣ ካርድ፣ አድራሻ፣ እንዲሁም ፓስወርድ ሳይጠየቅ የሚያስገባውን ኩኪ። እኛ ያየነው የካርዱን መነካት ብቻ ነበር። እሱ ግን ከቤቱ ቁልፍ ጋር የሱቁንም፣ የመጋዘኑንም ቁልፍ ይዞ ወጥቷል። እኛ የቀየርነው የአንዱን በር ቁልፍ ነበር።

ስለዚህ «ካርዱ ሞቷል፣ የሞተ ካርድ ማጥፋት ምን ያደርጋል?» ለሚሉን መልሳችን ይኼ ነው። ባንኩ ጋ የሞተ ካርድ ሱቁ ጋ ሊነሳ ይችላል። በሩን ከከፈተው ደግሞ ተቀይሮ የሚጠብቀውን ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ካርዱ የት የት እንደተቀመጠ ነው። ሦስት ቦታ ነው፣ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ሱቁ ራሱ ነው። እዚያ የተቀመጠው በአካውንታችን ስም ሱቁ ጋ ስለሆነ፣ ከላፕቶፕም ሆነ ከስልክ አንድ ጊዜ ከሰረዝነው ከሁሉም ይጠፋል። ሁለተኛው የጉግል አካውንታችን ነው። ክሮም «ካርዱን ላስቀምጥልህ?» ብሎ ሲጠይቅ እሺ ስንል ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። በዚያ ጂሜይል የገባ መሣሪያ ሁሉ ያገኘዋል። ሦስተኛው መሣሪያው ላይ ብቻ የሚቀመጠው ነው። እሱ በየላፕቶፑና በየስልኩ ለየብቻው መጥፋት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። የክሮምን ታሪክ ሲያጸዳ «Autofill form data» የሚለውን ምልክት ያደርግና ሁሉም ጠፋ ብሎ ይተኛል። ያ የሚያጠፋው ብራውዘሩ ላይ ያሉትን ነው። በጉግል አካውንቱ የተቀመጠውን ካርድ አይነካውም። እኛም በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ አድርገን፣ በማግስቱ አንዳችን ስልኩ ላይ አንድ ሱቅ ሲከፍት የእህታችን ካርድ የመጨረሻ አራት አሃዝ ከፊቱ ብቅ አለበት።

ቅደም ተከተሉ ከስረዛው አያንስም። ቫይረሱ ላፕቶፑ ላይ እያለ ካርድ መሰረዝ፣ ፓስወርድ መቀየር፣ አዲስ ቁጥር ማስገባት፣ ሁሉም ለሌባው ማቀበል ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ዘግተን አስቀመጥነው፣ በኋላም ሙሉ በሙሉ አስፎርመን ዊንዶውሱን እንደገና አስጫንን። የቀረውን ሥራ የሠራነው ያ ፋይል ባልደረሰበት ንጹሕ ስልክ ነው። ከዚያ ስልክ የጂሜይሉን ፓስወርድ ቀየርን፣ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አበራን፣ ከዚያ በዚህ ገጽ የትኞቹ መሣሪያዎች እንደገቡ አየን፦

```
myaccount.google.com/device-activity
```

የማናውቀውንም፣ የተውነውን አሮጌ ስልክም ከዚያ አስወጣን። ከጂሜይሉ ቀጥሎ የየሱቁን ፓስወርድ ቀየርን። ሱቁ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚል ምርጫ ካለው ተጫኑት፤ ያለዚያ በተሰረቀ ኩኪ የገባው ሰው ፓስወርዱ ተቀይሮም ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ብዙዎች በንዴት ይዘልሉታል። ከመሰረዝ በፊት ፎቶ አንሱ። ሌባው ያዘዘው ዕቃ፣ ያስገባው አድራሻ፣ የትእዛዙ ቁጥርና ሰዓት፣ ሁሉም ስክሪንሾት ይነሳ። የ94 ዶላሩን ጉዳይ ለባንኩ ያስረዳልን እሱ ነው። ትእዛዙ እህታችን ወደማታውቀው አገር፣ ወደማታውቀው ስም እንደተላከ የሚያሳይ ምስል ስናቀርብ ነገሩ አጠረ። መጀመሪያ ጠርገን ቢሆን ኖሮ እጃችን ላይ የሚቀር ማስረጃ አልነበረም። በመንገድ ላይ ያለ ተመላሽ ገንዘብ ካለም የሱቁን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ጻፉት። ተመላሹ ብዙ ጊዜ ወደተከፈለበት አሮጌ ካርድ ስለሚሄድ፣ ባለቤቷ ባንኩን ጠይቃ መከታተል አለባት።

ከዚያ ሱቆቹን ማግኘት ነው። «እኛ የምንገዛው ከሦስት ሱቅ ነው» ስንል ነበር፤ ስንቆጥር ካርዱ የተገኘው በ11 ቦታ ነው። ያገኘናቸው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ጂሜይሉ ውስጥ የካርዱን የመጨረሻ አራት አሃዝ መፈለግ ነው። ደረሰኞች ብዙ ጊዜ እነዚያን አሃዞች ይጽፋሉ። አሃዙ 4417 ነው እንበል፤ በጂሜይሉ መፈለጊያ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
"4417"
"ending in 4417"
```

ሁለተኛው ክሮም ፓስወርድ ያስቀመጠላቸውን ገጾች ዝርዝር ማየት ነው። አካውንት እንዳለን የረሳናቸው ሱቆች ሁሉ እዚያ ተሰልፈው ይገኛሉ፦

```
passwords.google.com
```

ሦስተኛው የባንኩ መግለጫ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ወር ማየት አይበቃም፤ 13 ወር ወደ ኋላ ሂዱ፣ በዓመት አንዴ የሚቆረጥ ክፍያ አለና። እኛ ሁላችንም የረሳነው የፎቶ ማስተካከያ አባልነት የተገኘው በዚህ ነው። ካርዱ የተያያዘባቸውን የፔይፓልና የስልክ አፕ መደብር አካውንቶችም አትርሱ። ፔይፓል ውስጥ ካርዱን መሰረዝና ለሱቆች የተፈቀደውን ቋሚ ክፍያ ማቆም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሱቁ ውስጥ ስትገቡ ካርዱ የሚገኘው በአካውንቱ የክፍያ መንገዶች ገጽ ነው። ብዙ ጊዜ መሰረዝ ቀላል ነው። «አይቻልም» ካላችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ በካርዱ የሚከፈል አባልነት አለ፣ ወይ ያልተጠናቀቀ ትእዛዝ አለ። አባልነቱን መጀመሪያ ሰርዙ፣ ትእዛዙም እስኪያልቅ ቀን ቆርጣችሁ ተመለሱበት። አካውንቱን ጭራሽ የማትፈልጉት ከሆነ ካርዱንና አድራሻውን ከሰረዛችሁ በኋላ አካውንቱን ራሱን ዝጉት። አፑን ከስልክ ማጥፋት ምንም አያጠፋም። ካርዱ ሱቁ ጋ ነው ያለው።

ሱቆቹ ሲያልቁ ወደ ጉግል እንመጣለን። ካርዱ የሚሰረዘው እዚህ ገጽ ላይ፣ የክፍያ መንገዶች በሚለው ስር ነው፦

```
pay.google.com
```

በመጨረሻ በየላፕቶፑ ክሮምን ከፍታችሁ እነዚህን ሁለት ገጾች፣ በየስልኩ ደግሞ በክሮም ቅንብር ውስጥ ያሉትን የክፍያና የአድራሻ ገጾች እዩ፣ የቀረ ካርድና የቀረ አድራሻ ካለ ሰርዙ፦

```
chrome://settings/payments
chrome://settings/addresses
```

እዚያው ገጽ ላይ ወደፊት ካርድና አድራሻ እንዲያስቀምጥ የሚፈቅደውን ማብሪያ አጥፉት። ክሮም ከጀርባ ያሉትን ሦስት አሃዞችም የማስቀመጥ ምርጫ ስላለው፣ በርቶ ከሆነ እሱንም አጥፉ፣ የተቀመጡትንም ሰርዙ። ፋየርፎክስ የሚጠቀም ሰው የግል መረጃ ቅንብሩ ውስጥ፣ አይፎን ያለው ደግሞ በሳፋሪ ቅንብር ስር የራሱን የተቀመጡ ካርዶች ዝርዝር ያገኛል። አንዱን ብራውዘር ማጽዳት ሌላውን አያጸዳም።

መጥፋቱን የምናረጋግጠው በዓይናችን ነው። በየሱቁ ርካሽ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ ከተን እስከ መክፈያው ገጽ ድረስ ሄድን። ሱቁ የካርድ ቁጥር በባዶ ሳጥን ከጠየቀን ከሱቁ ጠፍቷል። ሳጥኑን ስንነካው ብራውዘሩ ምንም ካላቀረበ ደግሞ ከብራውዘሩም ጠፍቷል። ከዚያ ሳንከፍል ወጣን። ይህን በላፕቶፑም በአራቱም ስልኮች አደረግነው፤ በሦስተኛው ስልክ ላይ የቀረ አንድ ካርድ አግኝተናል።

አድራሻን ለብቻው የምናነሳው ሰው ሁሉ ስለሚንቀው ነው። «አድራሻ ምን ይሰረቅበታል?» ይባላል። እህታችን ካርዷን ቀይራለች፤ ቤቷን ግን አልቀየረችም። አሜሪካ ውስጥ ሱቁ ካርዱን ሲያስከፍል የቤቱን ቁጥርና የዚፕ ኮዱን ከባንኩ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ካልገጠመ ክፍያውን መጠርጠር ወይም መመለስ ይችላል። የካርድ ቁጥር የሰረቀ ሰው ላይ ከሚቆሙት እንቅፋቶች አንዱ ይህ ነው። የሷን የቤት አድራሻ ከካርዱ አጠገብ ብራውዘር ውስጥ ስናስቀምጥ ያንን እንቅፋት እኛው አነሳንለት። ነገ ሌላ ቁጥር ቢሰረቅ አድራሻው ያው ነው።

ሁለተኛው የአድራሻ ጉዳይ የዕቃችን ጉዳይ ነው። ሌባው በገባበት ሱቅ የራሱን አድራሻ ጨምሮ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ እንዲሆን አድርጎት ነበር። ከአራታችን አንዷ ይህን ሳታይ 3 ካርቶን የሕፃናት ጫማ አዘዘች፤ ማረፊያው ጓንዡ መጋዘን መስሏታል። ዕቃው ከመጫኑ በፊት ደርሰንበት ትእዛዙን ሰረዝነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ፦ አድራሻን ከዝርዝሩ መሰረዝ አስቀድሞ የታዘዘውን ዕቃ መንገድ አይቀይርም። በመንገድ ላይ ያሉትን ትእዛዞች አንድ በአንድ ከፍታችሁ ስሙን፣ ስልኩንና የካርጎ ምልክቱን እዩ። ከምልክቱ አንድ ፊደል ከተለወጠች ዕቃው መጋዘኑ ቢደርስ እንኳ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

ሦስተኛው የደንበኞቻችን ነው። ስንቆጥር 14 አድራሻ አገኘን። ግማሾቹ የሰው ናቸው፦ የሞያሌ ደንበኞች ስምና ስልክ፣ የአንዲት እናት የቤት አቅጣጫ፣ መጋዘኑን ከቀየረ የቆየ ካርጎ። እነሱ ስማቸውን የሰጡን ዕቃ እንዲደርሳቸው እንጂ ላፕቶፕ ላይ ለዓመታት እንድናከማችላቸው አይደለም። አሁን የመጋዘኑ አድራሻና ምልክት በሱቁ ደብተር ተጽፎ ተለጥፏል። የደንበኛ አድራሻ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ይሰረዛል።

ይህ ሁሉ ሁለት ሰው ይዞ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀብን። ወሰኑንም መናገር አለብን። የወጣ መረጃ ወጥቷል፤ ስረዛ ሌባው እጅ ያለውን አይመልስም። ሱቁም ለሒሳብና ለግብር የያዘውን የድሮ ደረሰኝ እኛ ስላልን አያጠፋም። ስረዛው የሚያደርገው ነገር በአካውንታችን በኩል አዲሱ ካርድ ላይ የሚደርስበትን መንገድ መዝጋትና የሚቀጥለው ቫይረስ ሲመጣ የሚያገኘውን ማሳነስ ነው። አዲሱ ቁጥር ለሱቆች እንዳይተላለፍ ባለቤቷ ባንኳን መጠየቅም ትችላለች። ይህን የሚቀበል ባንክ አለ፣ የማይቀበልም አለ። ስለዚህ በጥያቄው ተማምኖ ስረዛውን መተው አይገባም። የጊዜ ገደብም አለ። በአሜሪካ ሕግ የዴቢት ካርድ ባለቤት ያልፈቀደችውን ወጪ የያዘው መግለጫ ከተላከላት በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባት፤ ካለፈ ከዚያ በኋላ የሚወጣው በሷ ላይ ሊቀር ይችላል። በካርዷ የምንነግድ ሰዎች በየወሩ መግለጫውን አብረናት መስመር በመስመር የማየት ግዴታ አለብን። ያቺ አንድ ዶላር ከሁሉ ቀድማ የምትታየው እዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አውጥተናል። በጋራ ላፕቶፕ ላይ ካርድ አይቀመጥም። የሚገዛው ሰው ቁጥሩን በእጁ ይጽፋል፣ ሱቁ «ላስቀምጠው?» ሲል ምልክቱን ያነሳል። ትንንሹን ግዢ በኤም-ፔሳ ግሎባል ፔይ ቪዛ ቨርቹዋል ካርድ እናደርጋለን። ኬንያ ውስጥ ከ2022 ጀምሮ ያለ ነው፤ ገንዘቡ ከኤም-ፔሳ ሒሳባችን ስለሚወጣ ለግዢው የሚበቃውን ብቻ እናስገባለን። ቢሰረቅም የሚገኘው ያው የቀረው ሳንቲም ነው። የእህታችን ካርድ ለትልቁ ግዢ ብቻ ይወጣል፣ በዚያ ቀን እሷ ታውቃለች።

የሚቃወሙንን ሰምተናል። «ቅናሹ በደቂቃ ያልቃል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ 16 አሃዝ ማን ይጽፋል?» ይላሉ። እውነት አለው፤ እኛም ባለፈው ወር አንድ የጫማ ቅናሽ አምልጦናል። ያመለጠን ቅናሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሱቅ ላይ ይገኛል። ያን ሁለት ቀን ግን ስልኩን እያየች የማታነሳውን እህት በምን ቅናሽ እንደምናስታርቅ አናውቅም ነበር።

ካርዷ ገና ያልተነካባችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ሱቁን ስትዘጉ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ የካርዱን የመጨረሻ አራት አሃዝ ጂሜይሉ ውስጥ ፈልጉና ስንት ሱቅ እንደሚወጣ ቁጠሩ። ቁጥሩን ለባለቤቷ ንገሯት። እኛ 11 ስንላት ብዙ ዝም አለች፣ ከዚያ «አሥሩን አጥፉልኝ» አለች። አሥራ አንዱንም አጠፋን።